ከአረንጓዴው መጋረጃ የሚተርፈው ቀለም

ግሪን ስክሪን በሚባለው አረንጓዴ መጋረጃ ፊት የተቀረጸ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ምስል ሲዛወር፣ ሥራው የሚያጋልጠው ዳር ዳሩ ላይ ነው። በፀጉሩና በትከሻው ዙሪያ አረንጓዴ ጭላንጭል ይቀራል፤ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፤ ብርሃኑም ከአዲሱ ቦታ ጋር አይስማማም። ሦስቱም የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው፤ መድኃኒቱ ግን በቅደም ተከተል ካልተሰጠ አንዱ ሌላውን ያበላሻል።

ነጠላ የለበሰች ዘፋኝ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጻ፣ ከበስተጀርባዋ የጎንደር ፋሲል ግንብ በአመሻሽ ፀሐይ እንዲታይ ተፈልጓል እንበል። ሥራው ከባድ ነው። ነጭ ልብስ ከመጋረጃው የሚመለሰውን አረንጓዴ ብርሃን ቶሎ ያሳያል፤ ነጠላው ስስ በመሆኑም መጋረጃው ራሱ በድሩና በማጉ መካከል ይታያል።

መጀመሪያ የሚስተካከለው ጠርዙ ነው። ሶፍትዌሩ መጋረጃውን የሚለየው ማት በሚባል ጥቁርና ነጭ ምስል ነው፤ ነጩ የሚቀረው፣ ጥቁሩ የሚወጣው፣ ግራጫው ደግሞ በከፊል የሚያስተላልፈው ነው። በአፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ባለው ኪላይት ይህ ምስል Screen Matte በሚለው ዕይታ ይታያል። ብዙ ጀማሪ Clip Black እና Clip White የሚሉትን እየገፋ ግራጫውን በሙሉ ያጠፋል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የነጠላው ስስነትና የፀጉሩ ዘለላ ያሉት እዚያው ግራጫ ውስጥ ነውና። የሚሻለው ሁለት ማት መሥራት ነው። አንዱ ጠንከር ተደርጎ፣ ከዳሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ፣ በሰውነቱ መሐል ያለውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሌላው ለስላሳ ሆኖ ጠርዙን ብቻ ይይዛል። ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ከሠራ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ካሜራው ነው፤ 4:2:0 በሚባለው አቀራረጽ የቀለም መረጃ የሚመዘገበው ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማቱ ከመሠራቱ በፊት ብሩህነቱ ሳይነካ ቀለሙን ብቻ በጥቂቱ ማደብዘዝ ችግሩን ያቀልለዋል።

ቀጥሎ የአረንጓዴው ነጸብራቅ ይነሳል። ሐሳቡ አረንጓዴው ከቀይና ከሰማያዊው አማካይ እንዳይበልጥ መገደብ ነው፦

```
G = min(G, (R + B) / 2)
```

በነጠላው ጫፍ ላይ ያለ ፒክስል ቀይ 190፣ አረንጓዴ 240፣ ሰማያዊ 180 ቢሆን፣ አማካዩ 185 ስለሆነ አረንጓዴው ወደ 185 ይወርዳል፤ ልብሱም ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። ጠይም የፊት ቆዳ 150፣ 105፣ 80 ቢሆን ግን አማካዩ 115 ነውና ምንም አይነካም። ችግሩ ጥለቱ ላይ ይመጣል። ቢጫው 220፣ 190፣ 60 ከሆነ አረንጓዴው ወደ 140 ወርዶ ቢጫው ብርቱካናማ ይሆናል። ስለዚህ ለጥለቱ ለብቻው ማስክ ተሠርቶ፣ ገደቡ አማካዩ ሳይሆን ከቀይና ከሰማያዊ የሚበልጠው ይደረጋል። በጥለቱ ውስጥ አረንጓዴ ክር ካለ ይህም አያድነውም፤ እንዲህ ያለው ልብስ ከመነሻው በሰማያዊ መጋረጃ መቀረጽ አለበት። አንዱን ቀለም በሌላው የመገደብ ዘዴ የቆየ ነው፤ ፔትሮ ቭላሆስ እ.ኤ.አ. በ1959 ለወጣው «ቤን ኸር» ፊልም በሰማያዊ መጋረጃ የሠራው ዘዴ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር።

አረንጓዴው ሲቀነስ ብሩህነትም አብሮ ይቀነሳል፤ ነጠላው ጫፉ ላይ የሚጨልመው ለዚህ ነው። በምሳሌው የተነሳው 55 የት የት ምን ያህል መጋረጃ እንደነበር ይነግራል። በዚያው መጠን የግንቡ ምስል ተደብዝዞ፣ ቀለሙ ጠርዙ ላይ ቢጨመር የጠፋው ብርሃን ይመለሳል፤ የአመሻሹ ወርቃማነትም በስሱ ሸማ ላይ ያርፋል።

በመጨረሻ ሁለቱ ምስሎች ይስማማሉ። ከጥቁሩ መጀመር ይበጃል፤ የዘፋኟ ፀጉር በግንቡ ላይ ካለው ጥልቅ ጥላ ይበልጥ ከጠቆረ ተለጥፋ ትታያለች። ከዚያ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው አንድ በአንድ እየታዩ በጥቁሩ፣ በመካከለኛውና በደማቁ ይመጣጠናሉ። ሦስቱን ለየብቻ በጥቁርና ነጭ ማየት ዓይን በቀለም የሚሸወደውን ልዩነት ያወጣዋል።

የብርሃን አቅጣጫ ግን በቀለም ማስተካከያ አይለወጥም። የስቱዲዮው መብራት ከግራ ሆኖ የግንቡ ፀሐይ ከቀኝ ከመጣ፣ የጀርባውን ምስል መገልበጥ ለተራ ሜዳ ወይም ተራራ ያስኬዳል፤ ፋሲል ግንብን ግን የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። እንግዲህ የሚቀረው ፀሐይዋ ከግራ የሆነችበትን ሌላ ምስል መፈለግ፣ አለዚያም ዘፋኟን እንደገና መቅረጽ ነው።