ከስድስቱ ቁጥሮች የምንከፍለው የትኛውን ነው?



ባለፈው ረመዷን ለጀመዓችን የአዝካር ቡክሌት ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት አሳትመን ነበር። ቀብዱን የከፈለው አንድ ወንድማችን ነው፤ ቡክሌቱን ሊረከቡ የሄዱት ግን ሌሎች ሁለት ልጆች ናቸው። በተሰጣቸው ወረቀት ላይ ስድስት ቁጥሮች ተደርድረዋል። ልጆቹ በደማቁ የተጻፈውን Total አይተው ሙሉውን በሞባይል ባንክ አስተላለፉ። ኑር መስጊድ ዙህር ሰግደው ሲወጡ ቀብድ የከፈለው ወንድም ደውሎ "ቀሪውን ከፈላችሁ?" አላቸው። በትርፍ የሄደውን 5,000 ብር ለማስመለስ ሦስት ሳምንት ተመላልሰናል። ገንዘቡ ተማሪው ከኪሱ ያዋጣው ሶደቃ ነበር።

ወረቀቱ ይህን ይመስል ነበር፦

```
Subtotal      12,000.00
Discount      -1,200.00
VAT 15%        1,620.00
Total         12,420.00
Deposit       -5,000.00
Balance Due    7,420.00
```

ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል እንያቸው። Subtotal የቡክሌቶቹ ዋጋ ድምር ነው፤ ቅናሽም ታክስም ገና አልነካውም። Discount ማተሚያ ቤቱ የተወልን ገንዘብ ነው፤ 1,200 ሲቀነስ 10,800 ብር ይቀራል። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ቫት፣ የሚሰላው በዚህ ቀሪ ላይ ነው። የ10,800 ብር 15 በመቶ 1,620 ብር ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 12,420 ብር ይመጣሉ፤ የሥራው ሙሉ ዋጋ ይህ ነው። አስቀድመን የከፈልነው 5,000 ብር ቀብድ የሚቀነሰው በመጨረሻ፣ ከታክሱ በኋላ ነው። ስለዚህ በዕለቱ ልጆቹ መክፈል የነበረባቸው Balance Due የሚለውን 7,420 ብር ብቻ ነበር።

ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ሒሳቡም ይዛባል። ቫቱ ቅናሹ ሳይነሳለት በ12,000 ላይ ከተሰላ 1,800 ብር ይሆናል፤ 180 ብር ያለ አግባብ እንከፍላለን ማለት ነው። በተቃራኒው ቀብዱ ከታክሱ በፊት ተቀንሶ ቫቱ በቀሪው 5,800 ብር ላይ ብቻ ከተሰላ 870 ብር ይሆንና ታክሱ 750 ብር ይጎድላል። ይህ ለኛ የሚጠቅም ይመስላል፤ ግን የሰው ሐቅ ነው፤ ነግረን ማስተካከል ይገባናል። ቀብድ ቅናሽ አይደለም። ቅናሽ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ቀብድ የዋጋው አንድ ክፍል ቀደም ብሎ መከፈሉ ነው።

አንድ ቀላል መለያ አለ። ቀብድ ከፍለን ሳለ Balance Due እና Total እኩል ከሆኑ ክፍያችን አልተመዘገበም ማለት ነው። ያን ጊዜ ገንዘብ ከመላካችን በፊት የቀብዱን ደረሰኝ አሳይተን ወረቀቱን ማስተካከል አለብን። ለዚህ ነው ዕቃ የሚረከበው ሰው የቀብዱን ደረሰኝ ወይም ፎቶውን ይዞ መሄድ ያለበት።

ለሪፖርት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። "ዛሬ ስንት እንክፈል?" ሲባል መልሱ 7,420 ነው፤ "ቡክሌቱ ስንት ፈጀ?" ሲባል ግን 12,420 ነው። ሒሳብ ያዡ የመጨረሻውን ክፍያ ብቻ ከጻፈ 5,000 ብር ከመዝገብ ይጠፋል። ሁለቱም ክፍያዎች ደረሰኝ ሊኖራቸው፣ የሁለቱ ድምርም 12,420 ሊሆን ይገባል። ፕሮፎርማ ዋጋ ማሳወቂያ እንጂ የመክፈላችን ማስረጃ ስላልሆነ በደረሰኝ ቦታ አይያያዝም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ውሉ ሲፈጸምም ሌላ ስምምነት ከሌለ ይመለሳል ወይም ከሒሳቡ ይቀነሳል። ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። በፊቅህ ዐረቡን የሚባለው ይኸው ጉዳይ ዑለሞችን አከራክሯል። ገዢው ሲተው ሻጩ ቀብዱን ማስቀረቱን አብዛኞቹ አይፈቅዱም፤ የሐንበሊ መዝሀብ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሥራው ቢሰረዝ ቀብዱ ምን እንደሚሆን ገና ስንከፍል ተነጋግረን በጽሑፍ እንያዘው። በቀረ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አያ የዱቤ ውል እንዲጻፍ ማዘዙን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ ረመዷን ጀምሮ ዕቃ የሚረከቡ ልጆች ከወረቀቱ መጨረሻ ጀምረው ወደ ላይ እንዲያነቡ ተስማምተናል፦ መጀመሪያ ቀሪው፣ ቀጥሎ ቀብዱ፣ ከዚያ ጠቅላላው። አላህ አማናውን በአግባቡ ከሚወጡት ያድርገን።