አክሲዮኑ ርካሽ ነው ወይስ ውድ?

የአንድ ባንክ አክሲዮን በ1,800 ብር ለሽያጭ ቀረበ እንበል። ዋጋው ብቻውን ውድነቱን አይናገርም። ዓመታዊ ሪፖርቱ የአንድ አክሲዮን የተጣራ ትርፍ 300 ብር ነው ካለ፣ 1,800ን ለ300 ስናካፍል 6 እናገኛለን፤ ገዢው ለእያንዳንዱ 1 ብር ዓመታዊ ትርፍ 6 ብር ይከፍላል ማለት ነው። የተመሳሳይ ባንኮች ውጤት 8 ከሆነ፣ ይህኛው ርካሽ ይመስላል።

ነገር ግን የትርፉ ምንጭ መታየት አለበት። ከ300 ብሩ ውስጥ 120ው ብር ከዶላር አንጻር ሲዳከም የተመዘገበ የምንዛሪ ልዩነት ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ላይደገም ይችላል። እሱ ሲቀነስ ትርፉ 180፣ ውጤቱም 10 ይሆናል፤ ርካሽ የመሰለው ውድ ሆነ።

ሁለተኛው ማመሳከሪያ ሀብት ነው። ከዕዳ የተጣራው ሀብት ለአክሲዮኖቹ ሲካፈል 1,500 ብር ከሆነ፣ ዋጋው የሀብቱ 1.2 እጥፍ ነው። ይህም የሚታመነው ለተበላሹ ብድሮች በቂ መጠባበቂያ ከተያዘ ብቻ ነው።