ከጠብታው አልኮሉን ብናወጣ

አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ሰው ሳል ሲይዘው ከጤና ምግብ መደብር ጠብታ መሳቢያ ያላት ጠቆር ያለች ትንሽ ጠርሙስ ገዝቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። የተክሉ ስም ፊት ለፊት በትልቁ ተጽፏል። የአልኮሉ መጠን ግን በጀርባዋ በደቃቅ ፊደል ነው የሚገኘው፤ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይደርሳል። ይህ ቲንክቸር ነው፤ ተክሉን በአልኮል ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ በጠብታ የሚወሰድ መድኃኒት። አገር ቤትም ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ዘፍዝፎ ጠዋት ጠዋት የሚጎነጭ ሰው ሳያውቀው ይህንኑ ነው የሚሠራው።

ችግሩ የሚመጣው ጠርሙሷ ለአራት ዓመት ልጅ ስትታሰብ ነው። ነፍሰ ጡር፣ ጉበቱ የታመመ፣ መጠጥ ያቆመና ሽታው እንኳ የሚፈታተነው ሰው፣ በሃይማኖቱ ምክንያት አልኮል የማይቀምስ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንትም እዚያው ጥያቄ ላይ ይደርሳል። አልኮሉን ማውጣት ይቻላል ወይ? መልሱ የሚወሰነው አልኮሉ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር በማወቅ ነው።

ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ከተክሉ ውስጥ መድኃኒቱን መምጠጥ ነው። ውኃ ጣፋጩንና ጎምዛዛውን፣ ለምሳሌ የሻይ ቅጠልን ኮምታታ ነገር፣ በደንብ ያወጣል፤ ዘይትና ሙጫ ላይ ሲደርስ ግን ይደክማል። አልኮል ከውኃ ጋር ሲደባለቅ ሁለቱንም ያወጣል፤ የተለመደው አሠራርም አንድ እጅ ደረቅ ተክል ለአምስት እጅ ፈሳሽ ሆኖ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በየቀኑ እየተነቀነቀ በጨለማ ቦታ መቆየት ነው። ሁለተኛው ሥራ ማቆየት ነው። ከ25 በመቶ በላይ አልኮል ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ሻጋታም ባክቴሪያም አያድግም፤ ስለዚህ ጠርሙሷ ለዓመታት ትቆያለች። አልኮሉን የሚያወጣ ሰው ሁለቱንም ሥራ የሚተካ ነገር ማግኘት አለበት። በቤት የሚሠሩ ብዙ መድኃኒቶች የሚበላሹት የመጀመሪያው ተተክቶ ሁለተኛው ሲረሳ ነው።

አስቀድመን የልጁን ጉዳይ በቁጥር እንየው። ሁለት ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፣ 40 በመቶ አልኮል ያለው ቲንክቸር 0.8 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው፤ ክብደቱ 630 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለአዋቂ ይህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢራ እንደ መጠጣት ነው። አሁን ደግሞ የአሜሪካን ሕግ እናስታውስ፤ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1995 ባወጣው ደንብ መሠረት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የሚጠጣ መድኃኒት ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከተሠራ አልኮሉ ከ0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 10 በመቶ ነው። በዚያ ወሰን ልክ የተሠራ አንድ የሻይ ማንኪያ የልጅ ሽሮፕ 20 ሚሊ ግራም ያህል አልኮል ይኖረዋል። የቲንክቸሯ ሁለት ሚሊ ሊትር ከዚህ ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ጠርሙሷ እንዴት መደርደሪያ ላይ ተገኘች? በአሜሪካ የዕፅዋት ቲንክቸር በ1994ቱ ሕግ የምግብ ማሟያ ተብሎ ስለሚሸጥ የመድኃኒቱ ደንብ አይመለከተውም። ብዙ ወላጆች ይህን አያውቁም፤ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የልጅ ጉበት ያከማቸው ስኳር ጥቂት ነው፤ አልኮል ደግሞ ጉበቱ አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ያግዳል። ስለዚህ አልኮል የወሰደ ትንሽ ልጅ፣ በተለይ ሳይበላ ከቆየ፣ የደሙ ስኳር ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ መፍዘዝ፣ ላብና ያለወትሮው እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው፤ ሲከፋም መንቀጥቀጥ ይመጣል። ጥቂት ጠብታ እዚህ ላያደርስ ይችላል፤ ጠርሙሷን ልጁ ራሱ ከፍቶ ከጠጣት ግን ያደርሳል።

ጠብታውን በፈላ ሻይ ላይ ጣል ብታደርጉት አልኮሉ ይተናል የሚል ምክር በሰፊው ይነገራል። እውነት አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በምግብ ላይ ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት በፈላ ነገር ላይ ተጨምሮ ወዲያው ከእሳት ከወረደ አልኮሉ ከመቶ 85 እጁ እዚያው ይቀራል። በብዙ ውኃ ማቅጠንም ጣዕሙን ያለዝባል እንጂ የሚዋጠውን መጠን አይቀንስም። አዋቂም ቢሆን ለአሜባ ወይም ለጃርድያ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል እየወሰደ ከሆነ አልኮል እንዳይነካ መድኃኒቱ ላይ ተጽፏል፤ ቲንክቸርም አልኮል ነው።

ወደ መተኪያው እንምጣ፤ ጦስኝን እንውሰድ። በመንዝም በባሌም ደጋ የሚበቅለው ይህ ተክል በሳል ጊዜ ከብዙ ቤት አይጠፋም። ዋናው ነገሩ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሽታ ያላቸው ዘይቶች ናቸው። ዘይት ቢሆኑም በፈላ ውኃ ጥሩ ያህል ይወጣሉ፤ ጠላታቸው እንፋሎት ነው። ጦስኙን ክፍት ድስት ውስጥ ረዥም ጊዜ ሲያንተከትኩት ቤቱን የሚሞላው መዓዛ ከድስቱ የወጣው መድኃኒት ነው። ስለዚህ ውኃው ፈልቶ ከወረደ በኋላ ጦስኙ ላይ ማፍሰስ፣ ወዲያው መክደንና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አለመክፈት ይገባል። ክዳኑ ሲነሣ ከሥሩ ያቆረው ጠብታም ዘይት ስላለበት ወደ ውስጥ ይመለስ። 30 ግራም ደረቅ ጦስኝ ለግማሽ ሊትር ውኃ ጠንካራ ሻይ ይሰጣል፤ ሲጠልልና ሲጨመቅ ተክሉ የጠጣው ተቀንሶ ወደ 400 ሚሊ ሊትር ይተርፋል።

አሁን የመጀመሪያው ሥራ ተሠርቷል፤ ሁለተኛው ቀረ። ሻዩ እንዲሁ ቢቀመጥ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአንድ ቀን አያልፍም። በልኩ ማር ሲጨመርበት፣ ማለትም አንድ እጅ ሻይ ለአንድ እጅ ማር ሲሆን፣ በማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። በስኳር ከሆነ ደግሞ በክብደት ሁለት እጅ ስኳር ለአንድ እጅ ሻይ ተደርጎ በቀስታ እሳት ሲሟሟ ይበልጥ ይቆያል፤ ጣፋጩ እዚህ ላይ ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ውኃውን ከባክቴሪያው ለመቀማትም ነው። ብዙ ሰው ስኳር ይጎዳል ብሎ ማሩን በግማሽ ይቀንሰዋል። ውጤቱን የእኛ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የቀጠነ ማር ብርዝ ነው፣ ሞቃት ቦታ የቆየ ብርዝ ደግሞ ይፈላል። አልኮል ሸሽቶ የተሠራው የልጅ መድኃኒት በሳምንቱ ወደ ጠጅ መሄድ ይጀምራል። ክዳኑ ሲከፈት ጭስ ቢል፣ ጥቃቅን አረፋ ቢይዝ፣ ጠላ ጠላ ቢሸት ወይም በላዩ ነጭ ሻጋታ ቢታይ መደፋት እንጂ መልሶ መፍላት የለበትም።

ማር ያለበት ነገር ሁሉ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ክልክል ነው። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የቦቱሊዝም ዘር በትልቅ ሰው ሆድ ውስጥ አያድግም፤ በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ሊበቅልና ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ሊሠራ ይችላል። ማፍላት ይህን ዘር አይገድለውም። አራስ ልጅን ማር ማስላስ በየአካባቢያችን የቆየ ልማድ ስለሆነ ይህን ለአያቶችም በአክብሮት መንገር ያስፈልጋል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ከእናት ጡት ሌላ የጦስኝ ሻይም ቢሆን አይሰጠውም።

ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀመጥ ጠብታ የሚፈልግ ሰው ግሊሰሪን አለለት። ጣፋጭና ወፍራም ነው፤ አሠራሩም እንደ ቲንክቸር ነው። ለ40 ግራም ደረቅ ጦስኝ 150 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪንና 50 ሚሊ ሊትር ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይበቃል። ተክሉ ሙሉ በሙሉ ይጠለቅ፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይዘፍዘፍ፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቅ። ግሊሰሪኑ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ካልሆነ ይሻግታል። ጉልበቱ ከአልኮሉ ያንሳል፤ ቆይታውም አንድ ዓመት ገደማ ነው። ኮምጣጤም ሌላ መተኪያ ነው፤ ግን ብዙ ልጆች አይወዱትም፣ ጨጓራ ያለበትን ሰውም ያቃጥላል።

ግሊሰሪን ሲገዛ ግን ለመድኃኒት ወይም ለምግብ የተሠራ መሆኑ በግልጽ የተጻፈበት ይሁን፤ ለቆዳ ቅባት የሚሸጠው አይሆንም። በ2022 በጋምቢያ ከስልሳ በላይ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት የሞቱት ዳይኢታይሊን ግላይኮልና ኢታይሊን ግላይኮል ከተገኘባቸው የሳል ሽሮፖች ጋር ተያይዞ ነው። ዳይኢታይሊን ግላይኮል ግሊሰሪንን በመልክም በጣዕምም ይመስላል፤ በቤት ውስጥ ለይቶ ማወቂያ የለውም። ምንጩ ካልታወቀ ግሊሰሪን ጦስኝና ማር እጅግ ይሻላል። አዋቂ ቲንክቸር ሲሠራም ለቁስል ማጽጃ የሚሸጥ አልኮል ፈጽሞ አይጠጣም፤ የቤት አረቄ ደግሞ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ልክ አይገኝለትም።

ከአልኮል ሊላቀቅ የማይችል ተክልም አለ። ከርቤ ሙጫ ነው፤ ውኃ ሙጫውን በከፊል ብቻ ያሟሟል፤ ግሊሰሪንም እምብዛም አያግዝም፤ ስለዚህ ቲንክቸሩ በ90 በመቶ አልኮል ይሠራል። ለልጅ የከርቤ ጠብታ ለመፍጠር ከመታገል መተው ይሻላል። አልኮል የለበትም ማለትም ተክሉ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ጤና አዳም በውኃም ቢዘጋጅ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ከመደብር አልኮል የለውም ተብሎ የሚሸጠው ጠብታም አንዳንዱ መጀመሪያ በአልኮል ተዘፍዝፎ ኋላ አልኮሉ እንዲተን የተደረገ ነው፤ በሃይማኖት ምክንያት የሚጠነቀቅ ሰው አምራቹን ይጠይቅ።

ጦስኝ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ሳምባ ምችን ግን አያድንም። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ተረጋግቶ ሳለ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሽሮፑን አስቀምጣችሁ ያኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።