ከእውነተኛው ገንዘብ በፊት

አክሲዮን በራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ፕሮግራም የጻፈ ሰው መጀመሪያ በልምምድ ሂሳብ ይፈትነዋል። የአሜሪካው ደላላ ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ እንዲህ ያለ ሂሳብ አለው፤ ዋጋው የገበያው ነው፣ ገንዘቡ ግን የይስሙላ።

ፕሮግራሙ 10 አክሲዮን አዘዘ እንበል። መልሱ ሳይደርሰው ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ደገመውና ግዢው 20 ሆነ። ይህን ስህተት ለመያዝ በልምምዱ ወቅት ኢንተርኔቱን ሆን ብሎ ማቋረጥ ነው።

የልምምዱን ትርፍ ግን አልተማመንበትም። በእውነተኛው ገበያ በ50 ዶላር ልግዛ ያለ ከቀደሙት ኋላ ይሰለፋል፤ በልምምዱ ወረፋው ስለሌለ ወዲያው ገዛህ ሊባል ይችላል።

በደላላው ሶፍትዌር የልምምዱ መግቢያ በተለምዶ 7497፣ የእውነተኛው 7496 ነው። የአንድ አሃዝ ልዩነት ናት! ስለዚህ በልምምድ ላይ ሳሉ ፕሮግራምዎ ከማዘዙ በፊት የሂሳቡ ቁጥር በ`DU` መጀመሩን እንዲያጣራ ያድርጉ።