የጨዋታ ውጤት የሚተነብይ ሞዴል ከውርርድ በፊት እንዴት ይመረመራል?

ባለፉት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የውድድር ዘመናት መረጃ የሠለጠነ ሞዴል ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ቁጥሮችን ይሰጣል፤ እነዚህም ባለሜዳው የማሸነፍ፣ ጨዋታው በአቻ የመጠናቀቅና እንግዳው ቡድን የማሸነፍ ዕድሎች ሲሆኑ ድምራቸው ሁልጊዜ 1 ነው። የሞዴሉን ጥራት በትክክል በገመታቸው ጨዋታዎች ብዛት ብቻ መለካት የተለመደ ቢሆንም፣ ለውርርድ ይህ አይበቃም፤ ተወራራጁ ገንዘቡን የሚያስይዘው ሞዴሉ የሰጠውን ዕድል ከቀረበለት ኦድ ጋር አነጻጽሮ ስለሆነ፣ 0.60 የተባለው ዕድል በእርግጥ 0.60 መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። ሞዴሉ 60 በመቶ ዕድል ከሰጣቸው በርካታ ጨዋታዎች ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት እንደተተነበየው ሲጠናቀቁና በሌሎቹም የዕድል ደረጃዎች እንዲሁ ሲሆን፣ ሞዴሉ ካሊብሬሽኑ የተስተካከለ ነው ይባላል።

ለዚህ ምርመራ ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ አሜሪካዊው የአየር ትንበያ ባለሙያ ግሌን ብራየር በ1950 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የብራየር ነጥብ ነው። አሠራሩ የተፈጸመውን ውጤት 1፣ ያልተፈጸሙትን 0 አድርጎ በመውሰድ ከእያንዳንዱ ላይ የተተነበየውን ዕድል መቀነስና የልዩነቶቹን ካሬ መደመር ነው። ሞዴሉ ለባለሜዳው 0.60፣ ለአቻ 0.25፣ ለእንግዳው 0.15 ሰጥቶ ባለሜዳው ቢያሸንፍ ነጥቡ 0.245 ይሆናል፤ እንግዳው ቢያሸንፍ ግን 1.145 ይደርሳል። ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ትንበያው የተሻለ ሲሆን፣ እጅግ የከፋው ስሕተት እንኳ ከ2 አያልፍም።

ሎግ ሎስ የሚባለው ሁለተኛው መለኪያ የሚመለከተው ለተፈጸመው ውጤት የተሰጠውን ዕድል ብቻ ሲሆን፣ የዚያን ዕድል የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ወስዶ ምልክቱን ይገለብጣል። በዚሁ ምሳሌ ባለሜዳው ሲያሸንፍ 0.51፣ እንግዳው ሲያሸንፍ 1.90 ይሆናል። ይህ መለኪያ ጣሪያ የለውም፤ ሞዴሉ ለአንድ ውጤት 0 ዕድል ሰጥቶ ያ ውጤት ከተፈጸመ ቅጣቱ ወሰን የለሽ ስለሚሆን፣ ከልክ ያለፈ እርግጠኝነትን ከብራየር ነጥብ ይልቅ በጭካኔ ያጋልጣል። ለተወራራጅ ይህ ጭካኔ ጠቃሚ ነው።

የሁለቱም አማካይ ትርጉም የሚያገኘው ከመነሻ ጋር ሲነጻጸር ነው። ለሦስቱም ውጤቶች እኩል ዕድል የሚሰጥ ምንም የማያውቅ ሞዴል ሎግ ሎሱ 1.099፣ የብራየር ነጥቡ 0.667 ነው። የሠለጠነ ሞዴል ከዚህ የባሰ ነጥብ ካመጣ፣ ከሁሉ በፊት የዓምዶቹ ቅደም ተከተል ሊመረመር ይገባል፤ በፓይተን ሳይኪት-ለርን ውስጥ ያለው `log_loss` ዓምዶቹ በመለያዎቹ የፊደል ተራ ማለትም `A`፣ `D`፣ `H` እንደተደረደሩ ስለሚቆጥር፣ የባለሜዳውን ዕድል ቀድሞ ያስገባ ሰው ትክክለኛውን ሞዴል የተበላሸ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ነጥብ ብቻውን የካሊብሬሽን ማስረጃ አይደለም፤ ሁለቱም መለኪያዎች የዕድሉን እውነተኛነትና ሞዴሉ ጨዋታን ከጨዋታ የመለየት ችሎታውን አጣምረው ስለሚለኩ፣ በአንዱ ያለውን ጉድለት ሌላው ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ ለሥልጠና ባልዋለና ከሥልጠናው ዘመን በኋላ በመጣ የውድድር ዘመን ላይ ትንበያዎቹን በዕድል መጠናቸው መቧደን ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሞዴሉ ለባለሜዳው ወደ 0.60 የሰጣቸው 200 ጨዋታዎች ቢኖሩና ባለሜዳው በ104ቱ ብቻ ቢያሸንፍ፣ የታየው መጠን 52 በመቶ ነው። በ200 ጨዋታ የሚጠበቀው የአጋጣሚ መዋዠቅ፣ ማለትም መደበኛ ስሕተቱ፣ ወደ 3.5 ነጥበ መቶ ስለሆነ፣ የ8 ነጥበ መቶ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ለማመካኘት አስቸጋሪ ነው፤ በ50 ጨዋታ ቢሆን ግን መዋዠቁ ራሱ ወደ 7 ስለሚጠጋ ምንም አያረጋግጥም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በኦድ ሲሰላ ግልጽ ይሆናል። ኦዱ 1.80 ቢሆን ሞዴሉን ያመነ ሰው 0.60ን በ1.80 አባዝቶ 1.08 ያገኛልና በእያንዳንዱ 100 ብር 8 ብር ትርፍ ይጠብቃል፤ እውነተኛው ዕድል 0.52 ከሆነ ግን ብዜቱ 0.936 ስለሚሆን በአማካይ 6 ብር ከ40 ሳንቲም ይከስራል። ሞዴሉ ከልክ በላይ በተማመነ ቁጥር ጥሩ ኦድ ያገኘ ስለሚመስለው፣ ተወራራጁን የሚመራው በብዛት ወደተሳሳተባቸው ጨዋታዎች ነው።

የተዛባ ዕድል በተለየ የውድድር ዘመን መረጃ እንደገና ሊስተካከል ይችላል፤ የመጨረሻው ፈተና ግን ከገበያው ጋር ነው። አወራራጁ ድርጅት ለሦስቱ ውጤቶች 1.80፣ 3.60 እና 4.75 ቢያቀርብ፣ 1 ለእያንዳንዱ ኦድ ሲካፈል ድምሩ 1.044 ይሆናል፤ ትርፉ የድርጅቱ ድርሻ ነው። እያንዳንዱን ክፍልፋይ ለዚህ ድምር በማካፈል 0.532፣ 0.266 እና 0.202 የተባሉት የገበያው ዕድሎች ይገኛሉ። ሞዴሉ ባላያቸው በርካታ መቶ ጨዋታዎች ላይ ከእነዚህ ዕድሎች ያነሰ ሎግ ሎስ እስካላስመዘገበ ድረስ ገንዘብ ሊያዝበት አይገባም።