የማርፈድ ማስጠንቀቂያ እንዴት ይጻፋል?

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ክርክር ቢነሳ ታዲያ አሠሪው የሚይዘው ማስረጃ ደብዳቤው ነው።

ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ግን «ሁልጊዜ ያረፍዳሉ፣ ለሥራዎ ግድ የለዎትም» ይላሉ። ይህ ቁጣ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የተሻለው እንዲህ ይነበባል፦ «የሥራ መግቢያ ሰዓት 2፡00 ሆኖ ሳለ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያው እንደሚያሳየው ጥቅምት 4 ቀን 2፡25፣ ጥቅምት 11 ቀን 2፡40 ገብተዋል። ምክንያት ካለዎት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርቡ።» ሦስቱ ቀን የሕግ ግዴታ ሳይሆን የሚዛናዊነት ጉዳይ ነው፤ ታማሚ ልጅ ሐኪም ቤት ያደረሰች እናት ማስረጃዋን ታቀርብበታለች።

«ከደገሙ ይባረራሉ» ብሎ መዛትም አያስፈልግም፤ «በሕጉና በሥራ ደንቡ መሠረት እርምጃ ሊወሰድ ይችላል» ይበቃል። ሠራተኛው ሲፈርም መቀበሉን እንጂ ጥፋቱን ማመኑን እንደማያሳይ ደብዳቤው ላይ ይገለጽ። አልፈርም ካለ ምስክሮች ይህንኑ ጽፈው ይፈርሙ። የስምንቱን ቀን ማስጠንቀቂያ አከማችቶ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ አሠሪ ግን ፍርድ ቤት ቢቆም ክርክሩ ደካማ ነው።