አከራይ ለተከራዩ ሲመሰክር

አገር ቤት መሥሪያ ቤት የለወጠ ሰው የሥራ ልምድ ደብዳቤን ያውቃል፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ፣ ደመወዙ ስንት እንደነበር፣ እንዴት እንደለቀቀ ይነግራል። አሜሪካ ውስጥ ቤት የሚቀይር ተከራይም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቱን የሚጽፈው የሚለቀው ቤት ባለቤት ነው። የእኛ ሰዎች በአጭሩ "ሪፈረንስ" ይሉታል።

ወረቀቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የወገኑን ቤዝመንት ተከራይቶ ለኖረ ሰው ነው። አንድ የአፓርትመንት ማኔጅመንት አመልካችን ሲመረምር ክሬዲቱን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ ከዚህ በፊት በኪራይ ተከሶ እንደሆነም የፍርድ ቤት መዝገብ ያያል። በቃል ተስማምቶ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ኪራይ ግን ከእነዚህ በአንዱም ላይ የለም። ሦስት ዓመት ሳያዛንፍ የከፈለ ሰው ወረቀት ላይ ሲታይ ቤት ተከራይቶ የማያውቅ ይመስላል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የአከራዩ ቃል ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ የምትሠራ አንዲት ሴት ከአንድ አባት ቤዝመንት ወጥታ በወር 1,650 ዶላር የሚከራይ አፓርትመንት ልትገባ ታመለክታለች። "ጋሼ፣ ደብዳቤ ጠይቀውኛል" ስትላቸው፣ "ምን ችግር አለ ልጄ፣ አሳምሬ ነው የምጽፍልሽ" ይሏታል። የጻፉላትም እንዲህ ነው፦ "ይህች ልጅ ጨዋና ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት ናት። እንደ ልጄ ነው የማያት። ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም፤ ባልና ልጅ ስለሌላት ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። የትም ብትገባ ታስመሰግናለች።"

ከልብ የተጻፈ ነው፤ ግን አይረዳትም። የማኔጅመንቷ ሠራተኛ ይህን አንብባ ቅጿ ላይ የምትሞላው ነገር አታገኝም። "እንደ ልጄ" የሚለው ቃል ደግሞ ጭራሹን ይጎዳል፤ ጸሐፊው ዘመድ ነው ብላ እንድትጠረጥር ያደርጋታል፤ የዘመድ ምስክርነት ደግሞ ብዙም ሚዛን አይደፋም። ሃይማኖቷና ልጅ አለመውለዷ ከነጭራሹ መነሳት የለባቸውም። በ1968 የወጣው የፌዴራል የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ተከራይን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር መለየትን ይከለክላል፤ በ1988 ሲሻሻል ልጆች ያሉትን ቤተሰብም ጨምሯል። አከራይ ሊመዝንበት የማይገባውን ነገር ደብዳቤው ፊቱ ማስቀመጥ የለበትም።

ሠራተኛዋ የምትፈልጋቸው መልሶች ጥቂት ናቸው፤ መቼ ገባች፣ ስንት ትከፍል ነበር፣ ስንት ጊዜ አዘገየች፣ ቤቱን እንዴት ያዘች፣ መልቀቋን አስቀድማ ነግራለች ወይ። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ "ተመልሳ ብትመጣ ያከራዩዋታል?" አባትየው በእነዚህ ላይ ተመሥርተው እንደገና ሲጽፉት እንዲህ ይወጣል፦

"ሐምሌ 10 ቀን 2025። በዚህ አድራሻ የሚገኘው ቤት ባለቤት ነኝ። ተከራዬ ከጁን 1 ቀን 2022 ጀምራ ቤዝመንቱን ተከራይታ ትኖራለች። ኪራዩ በወር 1,100 ዶላር ነበር፤ ከጁን 2024 ወዲህ 1,200 ነው። እስከዛሬ 38 ጊዜ ከፍላለች፤ 37ቱ በጊዜያቸው ናቸው። የማርች 2023ን አስቀድማ አሳውቃኝ በ4 ቀን አዘግይታለች። ከጎረቤትም ሆነ ከእኔ ቅሬታ የለባትም። ኦገስት 31 እንደምትለቅ ሁለት ወር ቀድማ በጽሑፍ ነግራኛለች። ዛሬ ገብቼ ቤቱን አይቻለሁ፤ ከተለመደው አገልግሎት ያለፈ ጉዳት አላገኘሁም። ብትመለስ አከራያታለሁ።" ከታች ስማቸው፣ ፊርማቸውና ስልካቸው አለ። ለማኔጅመንቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነው፤ ወሩም እንደ አገሩ አቆጣጠር ጁላይ ይባላል።

ስለዘገየችው አራት ቀን መጻፋቸው አንዳንዱን ያስደነግጥ ይሆናል። ግን ደብዳቤውን የሚያስታምነው ይኸው መስመር ነው። አከራዮች አንድ የታወቀ ተንኮል ይፈራሉ፤ አስቸጋሪ ተከራይ ያለው ሰው ቶሎ እንዲሄድለት ሲል አጋንኖ ያወድሰዋል። ለዚህም ነው ብዙዎች ከአሁኑ አከራይ አልፈው የቀድሞውንም የሚጠይቁት፤ እሱ ሰውየውን የሚገፋበት ምክንያት የለውም። እንከን የሌለው ውዳሴ ያስጠረጥራል፤ ትንሿን መዘግየት ከነወሯ የሚናገር ደብዳቤ ግን ጸሐፊው መዝገብ እንደያዘ ያሳያል።

ያልተደረገ ነገርም አይጻፍም። ተከራይዋ ገና ስላልወጣች "ዲፖዚቷን ሙሉ መልሻለሁ" ማለት አይቻልም። ሜሪላንድ ውስጥ አከራይ ዲፖዚት ለመመለስ ከወጣች በኋላ 45 ቀን አለው። ደብዳቤው በተጻፈበት ቀን የታየውን ብቻ ይመሰክራል።

ከዚያ ማጣራቱ ይከተላል። ሠራተኛዋ አድራሻውን የክልሉ የንብረት መዝገብ ላይ ታስገባለች፤ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። ባለቤት ተብሎ የሚወጣው ስም ከፊርማው ጋር ካልገጠመ ትጠይቃለች። ቤቱ በሚስታቸው ስም ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ያንን ቢያስረዳ ይበቃል፤ ሳይነገር ሲቀር ግን ደብዳቤውን የጻፈው የተከራይዋ ጓደኛ ይመስላል።

አንዳንድ አከራይ ደግሞ "ደብዳቤስ ይቅርብኝ" ይላል፤ ምክንያቱም ተከራዩን ጠልቶ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤት ለማከራየት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቤዝመንትም አይቀርለትም። ፈቃድ ያላወጣ ወይም የኪራዩን ገቢ በግብር ያላሳወቀ ሰው "አከራይ ነኝ" ብሎ መፈረም ያስፈራዋል። እንዲጽፍ የሚያስገድደውም አጠቃላይ ሕግ የለም። ስለዚህ ተከራይ ማስረጃውን መሰብሰብ ያለበት ሊወጣ ሲል ሳይሆን ከገባበት ወር ጀምሮ ነው። በቼክ ወይም በዜል የተከፈለ ኪራይ የባንክ ወረቀት ላይ ይቀራል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ወሩና የገንዘቡ መጠን የተጻፈበት፣ የተፈረመ ደረሰኝ ያስፈልጋል። 38 ደረሰኝ በእጁ ያለ ሰው ደብዳቤ ቢከለከልም ባዶ እጁን አይደለም።

ማመልከቻው በመርማሪ ድርጅት ሪፖርት ምክንያት ውድቅ ከሆነ፣ በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ማኔጅመንቱ ያንን እንዲያሳውቅና የድርጅቱን ስም እንዲሰጥ ያዛል። አመልካቹ በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቀ ሪፖርቱን በነፃ ያገኛል፤ ስህተት ካለበትም እንዲታረም ይጠይቃል።

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። አባትየው፣ እንደ ብዙ እኩዮቻቸው፣ የማያውቁት ቁጥር ሲደውል ስልክ አያነሱም። ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ደውላ መልስ ካጣች "አልተረጋገጠም" ብላ ልትዘጋው ትችላለች። ስለዚህ ተከራይዋ ያመለከተችለት ቀን "ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ከማኔጅመንት ይደውሉልዎታል፤ እባክዎ ያንሱልኝ" ትላቸዋለች። እሳቸውም ደብዳቤውን ኮፒ አድርገው ስልኩ አጠገብ ያስቀምጡታል፤ በስልክ የሚሉት ወረቀቱ ላይ ካለው እንዳይለይ።